ልክ 50 ያመጣው አለፈ ወይስ ወደቀ? የ«በላይ» እና የ«ቢያንስ» ችግርና መፍትሄ

አንድ ስልጠና ላይ የፈተና ውጤት የማጠናቅረው እኔ ነበርኩ። የማለፊያው ደንብ አንድ መስመር ነው፦ «ከ50 በላይ ያመጣ ያልፋል»። በኮምፒውተር ሠንጠረዥ ላይ ፎርሙላዬን ጻፍኩ፣ ዝርዝሩን ለጠፍኩ፣ ወደ ቤቴ ሄድኩ። በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሰልጣኞች በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ሦስቱም ያመጡት ልክ 50 ነው። የእኔ ዝርዝር «ወድቃችኋል» ይላል። ፈታኙ ደግሞ በቃል «አልፋችኋል» ብሏቸዋል። እሱም እኔም ያነበብነው ያንኑ አንድ መስመር ነው።

ምልክት፦ ያው ቁጥር፣ ሁለት ፍርድ

ይሄ ችግር የሚለይበት ነገር አለው። 30 ያመጣ አያጉረመርምም፣ 80 ያመጣም አያጉረመርምም። አቤቱታው ሁሉ የሚመጣው አንድ ቁጥር ላይ ካሉ ሰዎች ነው። እሱም ደንቡ ውስጥ የተጻፈው ቁጥር ነው።

ምክንያቱ «በላይ» የምትለዋ ቃል ናት። ቃል በቃል ከወሰድናት 50ን አትጨምርም፤ 50 ከ50 አይበልጥማ። በንግግር ግን ብዙ ጊዜ ቁጥሩን ራሱን ጨምረን ነው «በላይ» የምንለው። ፈታኙ በልቡ የያዘው «50 ማለፊያ ነው» የሚለውን ነበር። እኔ ደግሞ ቃሉን ይዤ፣ ውጤቱ B2 በሚባለው ሴል ውስጥ ሆኖ፣ ይሄን ጻፍኩ፦

```
=IF(B2>50,"አለፈ","ወደቀ")
```

መፍትሄው አንዲት ምልክት መጨመር ነው፦

```
=IF(B2>=50,"አለፈ","ወደቀ")
```

ግን ምልክቷን ለመጨመር አትቸኩሉ። የትኛው ትክክል እንደሆነ የሚወስነው ደንቡን ያወጣው ሰው እንጂ ፎርሙላ ጸሐፊው አይደለም። ስትጠይቁትም «በላይ ስትል እኩልን ይጨምራል?» አትበሉት። ሳያስብ «አዎ አዎ» ብሎ ያልፋችኋል። «ልክ 50 ያመጣ ሰው አሁን ቢገባ ምን ትለዋለህ?» በሉት። ሰው ፊቱ ሲቆምበት ቆም ብሎ ያስባል።

መልሱ ከታወቀ በኋላ ደንቡም ይስተካከል። ፎርሙላው ብቻ ከተቀየረ የሚቀጥለው ሰው ወረቀቱን አንብቦ እኔ የሠራሁትን ስህተት ይደግማል። 50 እንዲገባ ከተፈለገ «ቢያንስ 50»፣ «ከ50 ጀምሮ» ወይም «50 እና ከዚያ በላይ» በቂ ነው። 50 እንዳይገባ ከተፈለገ «ከ50 የሚበልጥ» ይሻላል። «በላይ» ስትደክም ኖራለች፣ ትረፍ።

እዚህ ላይ አንድ የሚጠቅም ነገር አለ። አሉታዊው ግስ ሁልጊዜ ቁጥሩን ይጨምራል። «ከ50 የማያንስ» የሚያስወጣው የሚያንሰውን ብቻ ስለሆነ 50 ውስጥ ይቀራል። «ከ50 የማይበልጥም» እንዲሁ፤ የሚበልጠው ይወጣል፣ 50 ይቀራል። «ከ50 የሚያንስ» እና «ከ50 የሚበልጥ» ግን ሁለቱም 50ን ውጭ ይተዋሉ። «እስከ 50» የምትለዋን እኔ ደንብ ውስጥ አልጽፋትም። አንዱ ይጨምርባታል፣ ሌላው ይቀንስባታል።

ምልክት፦ ዝርዝሩ ላይ 50 ይላል፣ ፍርዱ «ወደቀ» ነው

ፈታኙ «50 ያልፋል» አለ፣ ፎርሙላውን አስተካከልኩ፣ ሦስቱ አለፉ። ከዚያ አራተኛው መጣ። የእሱም ውጤት ዝርዝሩ ላይ 50 ነው፤ አሁንም «ወደቀ» ይላል። መቼም የዚያን ቀን ፊቴ ምን እንደመሰለ እኔ ነኝ የማውቀው።

ሴሉን ስከፍተው እውነተኛው ውጤት 49.5 ነው። ሠንጠረዡ ያለ ነጥብ እንዲያሳይ ስለተደረገ 50 ብሎ ያሳየዋል። ሲያወዳድር ግን የሚያወዳድረው የሚታየውን ሳይሆን የተቀመጠውን ቁጥር ነው። ደንቡ ስለ ማጠጋጋት አንድም ቃል አይልም።

መፍትሄው መጀመሪያ ይጠጋጋል ወይስ መጀመሪያ ይወዳደራል የሚለውን መወሰን ነው። ከማወዳደሩ በፊት እናጠጋጋ ከተባለ ፎርሙላው ይሄ ነው፦

```
=IF(ROUND(B2,0)>=50,"አለፈ","ወደቀ")
```

ግን ይሄ ምን እንዳደረገ ልብ በሉ። ማለፊያው 50 መሆኑ ቀረ፤ 49.5 ሆነ። በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ሳይነካ ወሰኑ በግማሽ ነጥብ ወረደ። ይሄን ፈልጎ ያደረገ ሰው ችግር የለበትም፤ ሳያውቅ ያደረገው ግን ነገ 49.5 ያመጣ ሌላ ሰው ይጠይቀዋል። እኛ ዘንድ ፈታኙ «እንዳለ ይወዳደር» አለ። ዝርዝሩ 49.5 ብሎ እንደገና ታተመ። ልጁ ደስ ባይለውም ቢያንስ የሚያየውና የተፈረደበት ቁጥር አንድ ሆነ።

ይሄ ነገር ከፈተና ውጪም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች ባወጣው ምደባ የክብደትና የቁመት ምጣኔው (ቢኤምአይ) 25 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ከመጠን ያለፈ ክብደት አለው ይባላል። ቁመቱ 1.70 ሜትር፣ ክብደቱ 72.2 ኪሎ የሆነን ሰው እናስላ። ክብደቱን ለቁመቱ ስኩዌር፣ ማለትም ለ2.89 ስናካፍለው 24.98 ይመጣል። እንዳለ ከተወዳደረ ከ25 በታች ነው። በአንድ ነጥብ አጠጋግቶ የሚያወዳድር መሣሪያ ግን 25.0 ያደርገውና ወደ ላይኛው ምድብ ይከተዋል። ሰውየው አንድ ግራም አልጨመረም።

ምልክት፦ የትም የማይገባ ወይም ሁለት ቦታ የሚገባ ቁጥር

«ከ50 በላይ ያመጣ ያልፋል፤ ከ50 በታች ያመጣ ይወድቃል።» ሲነበብ ጆሮ ላይ ደስ ይላል። 50 ግን ቤት አጣ። የ«በላይ» ተቃራኒ «በታች» ስለሚመስለን ነው። ትክክለኛው ተቃራኒ «50 ወይም ከዚያ በታች» ነው።

የደረጃ ሠንጠረዥ ላይ ደግሞ የተገላቢጦሽ ይሆናል። «ከ60 እስከ 70 ሐ፣ ከ70 እስከ 80 ለ» ሲባል 70 ሁለት ቤት አለው። ፎርሙላ ውስጥ ሲገባ ጭቅጭቁ አይታይም፤ ኮምፒውተሩ ቀድሞ ያገኘውን ይሰጠዋል። ከታች ጀምሮ የጻፈ ሰው 70ን «ሐ» ያደርገዋል፣ ከላይ ጀምሮ የጻፈው «ለ» ያደርገዋል። መፍትሄው የእያንዳንዱን ደረጃ መነሻ ብቻ መጻፍና ከላይ ወደ ታች መፈተሽ ነው፦

```
=IF(B2>=80,"ሀ",IF(B2>=70,"ለ",IF(B2>=60,"ሐ","መ")))
```

መጨረሻ ስለማይጻፍ ክፍተትም ድርብርብም አይኖርም። 69.7ም ሳይቀር ቤቱን ያገኛል። «60–69፣ 70–79» ብሎ በጻፈው ሰው ሠንጠረዥ ላይ ግን 69.7 ሜዳ ላይ ይቀራል።

ምልክት፦ ድምፅ ተቆጠረ፣ ሁለቱም ወገን «አሸነፍን» ይላል

እስካሁን እኩሉን ማስገባት የዋህ መፍትሄ መስሎ ከታያችሁ ድምፅ አሰጣጥ ላይ ቆም በሉ። 40 አባላት ያሉት ማኅበር «ግማሽ እና ከዚያ በላይ ድምፅ ያገኘ ሐሳብ ይጸድቃል» የሚል ደንብ አለው እንበል። ንብረቱ ይሸጥ ያሉ 20፣ አይሸጥ ያሉ 20። በደንቡ መሠረት መሸጡም ጸድቋል፣ አለመሸጡም ጸድቋል። ስለዚህ እዚህ ቁጥሩን ማስወጣት ግድ ነው፤ «ከግማሽ የሚበልጥ»፣ ማለትም ከ40 ላይ 21።

«50 በመቶ ሲደመር 1» የሚለው አባባል ተመሳሳይ ይመስላል፤ አባላቱ 40 ሲሆኑም በእርግጥ 21 ይሰጣል። 41 ሲሆኑ ግን 20.5 ሲደመር 1፣ 21.5 ይሆንና 22 ድምፅ ያስፈልጋል። 21 ለ20 ያሸነፈ ወገን «አልሞላም» ሊባል ነው። «ከግማሽ የሚበልጥ» ብሎ የጻፈ ይሄ ጣጣ አያገኘውም።

የሁለት ሦስተኛው ደግሞ ተደብቆ ይኖራል። አባላቱ 100 ሲሆኑ ሁለት ሦስተኛው 66.67 ገደማ ነው። «ቢያንስ» ብትሉም «ከዚያ በላይ» ብትሉም 67 ድምፅ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ማንም ልዩነቱን አያይም። አሥር ሰው ለቆ 90 ሲቀሩ «ቢያንስ ሁለት ሦስተኛ» 60 ነው፣ «ከሁለት ሦስተኛ በላይ» 61። ለዓመታት ሰላም የነበረ ደንብ በድንገት የሚያጣላው በዚህ ነው። መፈተሻው ቀላል ነው፦ የአባላቱን ቁጥር ለሦስት አካፍሉት። ቀሪ ከሌለው ቃሉ ፍርድ ይለውጣል።

ምልክት፦ አንዱ መዝጋቢ የተቀበለውን ሌላው የመለሰው አመልካች

ደንቡ «ከ18 ዓመት በላይ» ይላል። አመልካቹ 18 ዓመት ከ3 ወር ነው። ሙሉ ዓመት ብቻ የሚቆጥር መዝጋቢ «ዕድሜህ 18 ነው፣ 18 ከ18 አይበልጥም» ብሎ ይመልሰዋል። ቀን የሚቆጥረው ደግሞ «ሦስት ወር አልፎሃል» ብሎ ይቀበለዋል። እዚህ የተምታታው ወሰኑ ብቻ አይደለም፣ መለኪያውም ጭምር ነው።

ለዚህ አማርኛ ጥሩ ቃል አለው፦ «18 ዓመት የሞላው»። የልደቱ ቀን ከደረሰ ሞላው፤ ሌላ ሒሳብ የለም። የ1989ኙ የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንም ወሰኑን ከታች ነው ያሰመረው። በሌላ ሕግ ቀድሞ አዋቂ ካልተባለ በቀር፣ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ሰው ሁሉ ሕፃን ነው ይላል። 18 የሞላው በዚያው ቀን ከትርጉሙ ይወጣል።

የምዝገባ ፕሮግራም ካላችሁ ሦስት የልደት ቀን አስገቡበት፦ ዛሬ 18 የሚሞላው፣ ትናንት የሞላው፣ ነገ የሚሞላው። ደንቡ «የሞላው» ካለ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መግባት፣ ሦስተኛው መመለስ አለበት። ትናንት የሞላውም ከተመለሰ ፕሮግራሙ ሙሉ ዓመት እየቆጠረ በ`>` ነው የሚያወዳድረው። ያ ልጅ 19 እስኪሞላው አይገባም።