ረጅም የሰበር ፍርድ ስናነብ የምንሠራቸው ስህተቶች

ደብረ ማርቆስ ላይ በጥብቅና ሥራ የጀመሩ ልጆች ብዙ ጊዜ አንድ ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ። «ነገ ጠዋት ቀጠሮ አለኝ፤ ይሄን ሠላሳ ገጽ የሰበር ፍርድ መቼ ልጨርሰው?» ይላሉ። መልሱ ሁሉንም እኩል አታንብቡት የሚል ነው። ከዚያ ሁሉ ገጽ የሚያስገድደው ጥቂት ዐረፍተ ነገር ነው። አዋጅ ቁጥር 1234/2013 ከአምስት ያላነሱ ዳኞች የተሰየሙበት የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው «የሕግ ትርጉም» አስገዳጅ ነው ይላል። አስገዳጅ የተባለው በፍርዱ ውስጥ የተጻፈው ሁሉ አይደለም። ውጤቱን የተሸከመው የሕግ ትርጉም፣ በሕግ ትምህርት ቤት ሬሾ የምንለው፣ ያስገድዳል። ዳኞቹ በመንገዳቸው የተናገሩት፣ ኦቢተር የሚባለው፣ አያስገድድም። ሁለቱን ስንለይ ደግሞ ደጋግመን የምንሳሳትባቸው ቦታዎች አሉ።

ከመጀመሪያው ገጽ መጀመር

ፍርዱ ለምን እንደሚረዝም አስቡት። የምሥራቅ ጎጃም የመሬት ክርክር ከወረዳ ፍርድ ቤት ይነሣል። ደብረ ማርቆስ ወዳለው የዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ ከዚያ ባሕር ዳር ይግባኝ፣ ከዚያ የክልል ሰበር፣ በመጨረሻ አዲስ አበባ። የፌዴራል ሰበር ይህን ሁሉ ጉዞ ይተርካል። ማን ምን ብሎ ከሰሰ፣ ማን ምን መለሰ፣ የትኛው ፍርድ ቤት አጸና፣ የትኛው ሻረ። ግማሹን ገጽ የሚበላው ይህ ነው።

ስለዚህ ከመጨረሻው ጀምሩ። «ውሳኔ» የሚለውን አንብቡ፤ ምን እንደጸና፣ ምን እንደተሻረ ዕወቁ። ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ጉዳዩ ለሰበር ያስቀርባል የተባለበትን ነጥብና የተያዘውን ጭብጥ ፈልጉ። ጭብጡንና ውሳኔውን ካገኛችሁ፣ ሁለቱን የሚያገናኘውን ሐተታ ብቻ ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ትረካውን የምትመለሱበት ፍሬ ነገሩን ለማጣራት ነው።

የተከራካሪን ቃል የችሎቱ ቃል ማድረግ

ይህ በጥድፊያ የሚመጣ ነው። «በማለት ተከራክረዋል»፣ «ሲል ወስኗል» የሚሉ ማሰሪያዎችን ሳያዩ አንቀጹን ገልብጠው አቤቱታ ውስጥ ያስገቡታል። የተገለበጠው የተሸናፊው ጠበቃ ክርክር ወይም የተሻረው ፍርድ ሆኖ ይገኛል። ከመጥቀሳችሁ በፊት ተናጋሪው ማን እንደሆነ እዩ።

ደምቆ የተጻፈውን መምረጥ

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ዳኞች አንዳንዴ እጅግ የሚያምር ሰፊ ዐረፍተ ነገር ይጽፋሉ። ዓይናችን እሱ ላይ ያርፋል፤ አስምረንበት እንሄዳለን። ማማሩ ግን ሬሾ አያደርገውም።

ለማሳያ የፈጠርኩትን አንድ ጉዳይ እንይ። የእነማይ ወረዳ አንዲት እናት በ2001 ዓ.ም. የእርሻ ይዞታቸውን በ40,000 ብር ለአንድ ገበሬ «ለዘለቄታው» አስረከቡ፤ ወረቀትም ተጻፈ። በ2013 ዓ.ም. መሬቴ ይመለስልኝ ብለው ከሰሱ። ገበሬው አሥር ዓመት ስላለፈ ክሱ በይርጋ ይታገዳል አለ። ወረዳው ለእሳቸው ፈረደ። ዞኑ የይርጋውን መከላከያ ተቀብሎ ሻረ፤ ክልሉም አጸናው። የፌዴራል ሰበር የያዘው ጭብጥ አንድ ነው፦ የገጠር መሬት የገዛ ሰው የውል ይርጋን ማንሳት ይችላል ወይ?

ችሎቱ በሐተታው አራት ነገር አለ እንበል። አንደኛ፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40(3) መሠረት መሬት ስለማይሸጥ ውሉ ከጅምሩ ፈራሽ ነው፤ ከፈራሽ ውል የሚመነጭ የይርጋ መከላከያ የለም። ሁለተኛ፣ የወረዳ መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤቶች የይዞታ ደብተር ሲሰጡ መጠንቀቅ አለባቸው። ሦስተኛ፣ ውሉ ኪራይ ቢሆን ኖሮ የክልሉ አዋጅ የሚፈቅደው የኪራይ ዘመን ይታይ ነበር። አራተኛ፣ ገበሬው የከፈለውን ገንዘብ በሌላ ክስ የመጠየቅ መብቱ እንደተጠበቀ ነው። ውሳኔው፦ የዞኑና የክልሉ ተሽሯል፣ የወረዳው ጸንቷል።

አሁን እያንዳንዱን ገልብጡት። ይህ መፈተኛ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ዋምባው በተባለ አሜሪካዊ የሕግ መምህር ይታወቃል። ዐረፍተ ነገሩን ወደ ተቃራኒው አዙሩና ውጤቱ ይቀየር እንደሆነ ጠይቁ። የመጀመሪያውን ስትገለብጡት እናትየው ይሸነፋሉ። ይህ ሬሾ ነው። ጽሕፈት ቤቶቹ መጠንቀቅ የለባቸውም ብትሉ ግን መሬቱ አሁንም የእሳቸው ነው። ስለ ኪራዩ የተባለውም «ቢሆን ኖሮ» የሚል ነው፤ ችሎቱ ፊት የቀረበ ኪራይ የለም። ሁለቱም ኦቢተር ናቸው።

አራተኛው በተለይ ያሳስባል። «መብቱ እንደተጠበቀ ነው» የሚለውን ይዞ «ሰበር ገንዘቤ እንዲመለስ ወስኖልኛል» የሚል ክስ የሚጽፍ አለ። ችሎቱ በር አልዘጋም እንጂ ገንዘቡ ይመለስ አላለም። ያ ክስ ገና በራሱ ማስረጃና በራሱ ክርክር መታየት አለበት። ተገልጋዩን አጉል ተስፋ ሰጥቶ ለዳኝነት ማስከፈል ትክክል አይደለም።

መፈተኛው የሚያቅተው ቦታም አለ። ችሎቱ ውሉ ፈራሽ ነው፣ ደግሞም ይርጋው በጊዜው አልተነሣም ብሎ በሁለት ራሳቸውን በቻሉ ምክንያቶች ቢወስን፣ አንዱን ብትገለብጡ ሌላው ውጤቱን ይዞት ይቆማል። መፈተኛው ሁለቱንም ኦቢተር ያስመስላል። እንዲህ ሲሆን ሁለቱንም እንደ ሬሾ ያዙ። ችሎቱ ሁለቱንም የፍርዱ መሠረት አድርጓቸዋልና።

ሬሾውን ከፍሬ ነገሩ መነጠል

ከላይ ያለውን ፍርድ አንብቦ «በመሬት ክርክር ይርጋ የለም» ብሎ ማስታወሻ የሚይዝ ሰው ሬሾውን ከልክ በላይ ዘርግቶታል። ደጀን ላይ ሁለት ወንድማማቾች በአባታቸው ይዞታ ቢካሰሱ ይህ ፍርድ አይረዳውም። እዚያ ሽያጭ የለም፤ የውርስ ክስ ደግሞ የራሱ የይርጋ ድንጋጌ አለው። በሌላ በኩል «በ40,000 ብር የተሸጠ የእነማይ መሬት» ብሎ መያዝም አያስኬድም፤ ሞጣ ያለውን ተመሳሳይ ሽያጭ ሊያመልጠው ነው።

ልኩ በውጤቱ ላይ ለውጥ ያመጡትን ፍሬ ነገሮች ብቻ ማስቀረት ነው። የገንዘቡ መጠን ለውጥ አያመጣም፤ ወረዳውም እንዲሁ። የገጠር መሬት መሆኑና ሽያጭ መሆኑ ግን ያመጣሉ። ስለዚህ ማስታወሻችሁ ላይ «የገጠር መሬት ይዞታ የተሸጠበት ውል ፈራሽ ስለሆነ ገዢው የውል ይርጋን መከላከያ አያደርግም» ብላችሁ ጻፉ። ይህን በአንድ ዐረፍተ ነገር መጻፍ ካቃታችሁ ሐተታውን ገና አልያዛችሁትም፤ ተመለሱበት።

ኦቢተሩን ጠቅልሎ መጣል

አያስገድድም ማለት አይጠቅምም ማለት አይደለም። ችሎቱ ወደ የት እንደሚያዘነብል ያሳያል፤ የልዩነት ሐሳብም እንዲሁ። ስትጠቅሱት ግን «ሰበር ወስኗል» አትበሉ፤ «ችሎቱ በሐተታው ጠቁሟል» በሉ። ዳኛው ፍርዱን ከፍቶ ሲያየው ቃላችሁ እንዳይወድቅ።

ሕጉ ተቀይሮ እንደሆነም እዩ። በአማራ ክልል የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 133/1998 በአዋጅ ቁጥር 252/2009 ተተክቷል። በምሳሌያችን ሬሾው የቆመው በሕገ መንግሥቱ ላይ ስለሆነ የአዋጁ መቀየር አይነካውም። ስለ ኪራይ ዘመን የተባለው ግን በዱሮው አዋጅ ላይ ቆሞ ሊሆን ይችላል። የያዛችሁት የኪራይ ክርክር ከሆነ ፍርዱን አስቀምጡና አዲሱን አዋጅ ክፈቱ።