የማተሚያ ቤት የእርሳስ ፊደል ሐሳብን ለምን አፈጠነ? ስናወራው የምንሳሳትባቸው ነጥቦች

ብዙ ጊዜ የምንሰማው ታሪክ አጭር ነው፤ ጀርመናዊው ጉተንበርግ ማተሚያ ፈጠረ፣ ሐሳብም በአውሮፓ ተሰራጨ። መሃሉ ተዘለለ። እኔ ደግሞ የምወደው መሃሉን ነው። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።

«የመጀመሪያው ጉተንበርግ ነው» ማለት

አይደለም። በቻይና ቢ ሼንግ የሚባል ሰው በ1040ዎቹ ከሸክላ የተሠራ፣ አንድ በአንድ እየተለቀመ የሚደረደር ተነቃቃይ ፊደል ነበረው። በኮሪያም በ1377 በብረት ፊደል የታተመ የቡድሃ እምነት መጽሐፍ እስከ ዛሬ አለ። ጉተንበርግ በማይንዝ ከተማ ያመጣው ትልቁ ነገር ፊደሉን በብዛት የማውጣት ዘዴ ነው። መጀመሪያ አንዱ ፊደል በጠንካራ ብረት ጫፍ ላይ ይቀረጻል። ብረቱ መዳብ ላይ ተመትቶ ቅርጹን ይተዋል። ከዚያ እርሳስ ከቆርቆሮና አንቲሞኒ ከሚባል ማዕድን ጋር ቀልጦ እዚያ ቅርጽ ውስጥ ይፈስሳል፣ ወዲያው ይረጋል። አንዴ የተቀረጸች «a» ሺህ ጊዜ ትወጣለች ማለት ነው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት። ገጹ ታትሞ ሲያልቅ ፊደሎቹ ይበተኑና ለሌላ ገጽ ይለቀማሉ።

ትልቁን መጽሐፍ ብቻ ማየት

በ1455 ገደማ ያለቀው የጉተንበርግ መጽሐፍ ቅዱስ ወደ 180 ቅጂ ቢሆን ነው። ዓመታት ፈጀ፣ ገንዘብ በላ፣ ጉተንበርግም ካበደረው ሰው ጋር ፍርድ ቤት ደረሰ። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሐሳብን በሩጫ አያደርስም።

ያፈጠነው ትንሿ ጽሑፍ ናት። አንድ ወረቀት ወስዳችሁ ሁለት ጊዜ እጠፉት። አራት ቅጠል፣ ስምንት ገጽ ይሆንላችኋል። ገጾቹን ቁጠሩና መልሳችሁ ዘርጉት። 1፣ 4፣ 5 እና 8 በአንድ ፊት፣ 2፣ 3፣ 6 እና 7 በሌላው ፊት ታገኟቸዋላችሁ። ፊደል ለቃሚው አራቱን ገጽ ለቅሞ ያስራል፣ አንዱ ፊት በብዙ መቶ ወረቀት ላይ ይታተማል፣ ከዚያ ወረቀቱ ተገልብጦ ሌላው ፊት ይከተላል። የጥቂት ቀን ሥራ ነው። ብዙ ካፒታል አይጠይቅም፣ ካልተሸጠም አታሚው አይከስርም።

ጀርመናዊው መነኩሴ ማርቲን ሉተር በ1518 ስለ ኃጢአት ማስተሰረያ ወረቀት ሽያጭ የጻፈው አጭር ስብከት በዚህች መጠን የሚያልቅ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የጻፋቸው 95 ነጥቦች በላቲን፣ ለምሁራን ክርክር የተዘጋጁ ነበሩ። ይሄኛው ግን በጀርመንኛ፣ በሃያ አጫጭር ነጥቦች፣ ለተራው ሰው ተጻፈ።

«መጽሐፉ ከአንድ ከተማ ተጭኖ ተሰራጨ» ብሎ ማሰብ

ለእኔ ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ሉተር የሚኖርባት ዊተንበርግ ትንሽ ከተማ ነበረች። ከዚያ እያተሙ በጋሪ ወደ ደቡብ ጀርመን መላክ ቀርፋፋና ውድ ነው። የሆነው ሌላ ነው። አንድ ቅጂ በመንገደኛ እጅ ላይፕሲግ ይደርሳል። እዚያ ያለው አታሚ ይገበያል ብሎ ካሰበ በራሱ ፊደል እንደ አዲስ ያስለቅመዋል። ሌላ ቅጂ ኑረምበርግ፣ ሌላው አውግስበርግ፣ ሌላው ባዝል ይደርስና እንዲሁ ይደረጋል። ያ የ1518 ስብከት በዚያው ዓመት ከአሥር ጊዜ በላይ ታትሟል። ለደራሲው የሚከፍልም ሆነ ፈቃድ የሚጠይቅ አልነበረም። አንዱን ከተማ ብትዘጋ ሌላው ያትማል፤ ስለዚህ ማፈን ከበደ። ፍጥነቱ የመጣው የየከተማው አታሚ ትርፍ ፈልጎ ስለሚሽቀዳደም ነው።

«ማንበብ የሚችለው ጥቂት ነው፣ እንዴት ይደርሳል?» ማለት

አንዱ ያነብባል፣ ሌላው ይሰማል። በገበያና በመጠጥ ቤት ጮክ ተብሎ ይነበብ ነበር። ስምንት ገጽ በአንድ ቁጭታ ያልቃል።

ፊደሉ ካለ ሁሉም ይከተላል ብሎ ማመን

እዚህ ላይ የራሳችን ፊደል ምስክር ነው። የግእዝ መዝሙረ ዳዊት ሮም ውስጥ የታተመው በ1513 ነው፤ ከሉተር 95 ነጥቦች አራት ዓመት ቀድሞ። ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ ቄስ ሮም ከነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ተምሮ ነው ያሳተመው። ፊደሉ በብረት ተቀርጿል፣ በእርሳስም ወጥቷል። ማተሚያው ግን ሮም፣ አንባቢው ባሕር ማዶ። ቅጂው ሸዋ ቢደርስ እንኳ በራሱ ፊደል መልሶ የሚያስለቅም አታሚ እዚያ አልነበረም። ዳዊት የፈለገ ሰው እንደ ድሮው ብራና አስፍቆ ጸሐፊ ያስቀምጥ ነበር፤ የአንዱ ቅጂ ድካም ለሁለተኛው ቅጂ አያገለግልም።