አራት ቀን የተረሳው ጥያቄ

ኮምቦልቻ ባለው ቢሯችን የደንበኞች ጥያቄ እንደ ዳቦ ቤት ሰልፍ ነበር፤ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይስተናገዳል። አንድ ጠዋት የደሴ ደንበኛችን ሲስተም ጭራሽ ቆመና ጥያቄው ከ14 የይለፍ ቃል ጥያቄዎች ኋላ ተሰለፈ። ወዲያው ወረፋውን በአስቸኳይነት ደረጃ ቀየርኩት፤ 1 በጣም አስቸኳይ፣ 3 የሚቆይ። ደረጃቸው እኩል ከሆነ ቀድሞ የመጣው ያልፋል፦

```
ORDER BY priority, created_at
```

ሌላ ጣጣ መጣ። አንድ ደረጃ 3 ጥያቄ አራት ቀን ሳይነካ ከረመ። አዲስ አስቸኳይ በመጣ ቁጥር ወደ ኋላ ይገፋል። አማካይ የመልስ ጊዜው ደህና ስለሚመስል አልነቃሁም። ያጋለጠው ከሁሉም በላይ የቆየው ጥያቄ ዕድሜ ነው።

አሁን ደረጃ 3 አራት ሰዓት ከጠበቀ 2 ይሆናል፤ ቀድሞ ስለመጣም ከአዲሶቹ 2ዎች ይቀድማል። ወደ 1 ግን አይወጣም። 1 ሲስተም ለቆመበት ብቻ ነው።