ደራርቤ ለብሼም ይበርደኛል፦ ለጠዋት እግረኛ ችግርና መፍትሄ

ከኅዳር እስከ ጥር የአዲስ አበባ ጠዋት ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ሰማዩ ጥርት ያለ ስለሆነ መሬቱ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊቱን ወደ ላይ ይለቀዋል፤ ክረምት ላይ እንደ ብርድ ልብስ የሚሸፍነው ደመና በዚህ ወቅት የለም። ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ደግሞ ከ20 ዲግሪ አልፎ ጃኬት ያስወልቃል። ታክሲ ውስጥ ተጠጋግቶ ለሚሄድ ሰው ይሄ ብዙም አያስጨንቅም። በእግሩ ለሚሄድ ግን ጠዋት የለበሰው ነገር ቀኑን ሙሉ ይከተለዋል።

አብዛኛው ሰው ብርድ ሲመጣ ወፍራም ነገር ይፈልጋል። ቆሞ ለሚውል ሰው ልክ ነው። የሚራመድ ሰው ግን ራሱ ምድጃ ነው፤ ሙቀት ያመነጫል፣ ያልበዋል፣ ከዚያ ሲቆም ላቡ ይበርድበታል። መደራረብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ሦስቱ ድርብ ሥራቸው ለየቅል ነው፦ ቆዳ የሚነካው ላብን ከገላ ያነሳል፣ የመሃሉ ሙቀት ይይዛል፣ የላዩ ንፋስ ይከለክላል። ስለዚህ ሲበርዳችሁ ሌላ ልብስ ከመጨመራችሁ በፊት የትኛው ሥራውን እንዳልሠራ እዩ። መቼና የት እንደበረዳችሁ ካስተዋላችሁ መልሱ እዚያው ነው።

ምልክት፦ መንገድ ላይ ይሞቀኛል፣ ቢሮ ገብቼ ስቀመጥ ያንቀጠቅጠኛል

ይሄ ከሁሉም በላይ የሚያጋጥመው ነው። ብዙ ሰው «ቢሯችን ቀዝቃዛ ነው» ብሎ ያልፈዋል።

አብራኝ የምትሠራ ልጅ አለች። ከለገሃር ተነስታ በቸርችል ጎዳና ሽቅብ ማዘጋጃ ድረስ በእግሯ ትመጣለች፣ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። 12 ሰዓት ተኩል ላይ ስትወጣ ፀሐይ ገና ብቅ እያለች ስለሆነ ውርጩ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። የምትለብሰው የጥጥ ካናቴራ፣ ከላይ ወፍራም ሹራብ፣ ከዚያ እስከ አገጯ የተዘጋ የታጨቀ ጃኬት ነበር። ፖስታ ቤት እስክትደርስ ደስ ይላል። ጥቁር አንበሳ ጋ ጀርባዋ መሞቅ ይጀምራል። ከቴዎድሮስ አደባባይ ወደ ማዘጋጃ ያለውን ዳገት ስትጨርስ ላብ በላብ ናት። ቢሮ ገብታ ጃኬቱን ሰቅላ ከተቀመጠች በኋላ ሻይ በሁለት እጇ ይዛ ትንቀጠቀጣለች። መፍትሄ ብላ የበለጠ ወፍራም ሹራብ ገዛች። ባሰባት።

ምክንያቱ ሹራቡ አይደለም። ጥጥ ውሃ ይወዳል፤ ላቡን ጠጥቶ ይይዘዋል፣ ቶሎም አይደርቅም። እየተራመዱ ሳለ ገላ ስለሚያሞቀው አይታወቅም። ሲቀመጡ ግን ያ እርጥብ ካናቴራ ቆዳ ላይ ተለጥፎ ሲደርቅ ሙቀቱን ከገላ ነው የሚወስደው። ሹራብ በጨመረች ቁጥር ላቡ ይጨምራል፣ ላቡ በጨመረ ቁጥር ኋላ ብርዱ ይጨምራል።

የናንተም ችግር ይሄ መሆኑን ለማወቅ ቢሮ እንደገባችሁ እጃችሁን ከኋላ አስገብታችሁ በሁለቱ ትከሻ አጥንቶች መካከል ካናቴራውን ንኩት። እርጥብ ከሆነ ወይም ከቆዳችሁ ይልቅ ከቀዘቀዘ፣ የበረዳችሁ ከውስጥ ነው።

መጀመሪያ የሚቀየረው ካናቴራው ነው። ውድ ዕቃ ፍለጋ መሄድ አያስፈልግም፤ ቤት ውስጥ የኳስ ማሊያ የሌለው ሰው የለም ማለት ይቻላል። ማሊያ ፖሊስተር ነው፣ ራሱ ውሃ አይጠጣም ማለት ይቻላል፤ ላቡ በጨርቁ ላይ ተዘርግቶ ቶሎ ይደርቃል። ገላ ላይ ልክክ ያለ ይሁን፣ ሰፊ ማሊያ ቆዳውን ስለማይነካ ላቡን አያነሳም። አንገትጌ ያለው ሸሚዝ ለብሳችሁ የምትሠሩ ከሆነ ማሊያው ከሸሚዙ ስር ይገባል፣ ማንም አያይም። ስስ የበግ ጠጉር ካናቴራ ካገኛችሁ ከዚህም ይሻላል፣ ግን ውድ ነው፣ በቀላሉም አይገኝም። ሳልቫጅ ተራ ስትገቡ አንገቱ ላይ ወይም ጎኑ ላይ የተሰፋችውን ትንሽ ጨርቅ አንብቡ። ኮተን 100% የሚል ከሆነ ለዚህ ሥራ አይሆንም፣ ለቤት ይሁን።

ሁለተኛው አለባበሱ ሳይሆን አካሄዱ ነው። ከቤት ስትወጡ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ትንሽ ይብረዳችሁ። በር ላይ ቆማችሁ ከሞቃችሁ፣ ብዙ ለብሳችኋል። ከዚያ ደግሞ ዳገት ከመጀመራችሁ በፊት ፍቱ፤ ካላባችሁ በኋላ ዚፕ መክፈት የረጠበውን አያደርቅም። እኛ ልጅቷን ያልናት ፖስታ ቤት ጋ ስትደርስ ሹራቧን አውልቃ ቦርሳ እንድትከት፣ ጃኬቷን ደግሞ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ እስከ ደረቷ እንድትከፍት ነው። ቢሮ ስትገባ መጀመሪያ የምታደርገው ሹራቡን መልሶ መልበስ ነው፣ ገና ሞቋት እያለ። ብዙ ሰው ይሄንን ይገለብጠዋል፤ መንገድ ላይ ለብሶ ቢሮ ያወልቃል።

አንድ የማይታሰብ ነገር ደግሞ ቦርሳ ነው። ጀርባ ላይ የሚታዘል ቦርሳ ከስሩ አየር ስለማያሳልፍ ማንኛውም ጨርቅ እዚያ ጋ ይረጥባል። ዳገት ላይ በአንድ ትከሻ አንጠልጥሉት፣ ወይም መለወጫ ካናቴራ ቢሮ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጡ።

ምልክት፦ አላበኝም፣ ግን ብርዱ ሹራቡን ሰርስሮ ይገባል

እዚህ የጎደለው የላይኛው ድርብ ነው። ሹራብ የሚያሞቀው በክሩ አይደለም፤ በክሮቹ መካከል በያዘው ያልተንቀሳቀሰ አየር ነው። ንፋስ ሲመጣ ያንን የሞቀ አየር ጠርጎ ይወስደዋል። መስቀል አደባባይን የሚያቋርጥ ሰው ይሄን ያውቀዋል፤ ሕንፃ ስር ሲሄድ ደህና የነበረው ሜዳው ላይ ሲወጣ ይበርደዋል።

ጨርቁን አፋችሁ ላይ ገጥማችሁ በኃይል እፍ በሉበት። ከወዲያ በኩል ያለው መዳፋችሁ ትንፋሹን በደንብ ከተሰማው ንፋስ አያቆምም። የሚፈለገው ስስ ናይሎን ጃኬት ነው፣ ተጣጥፎ ቦርሳ ኪስ የሚገባ ዓይነት። መወፈር የለበትም፣ ሙቀቱ የመሃሉ ሥራ ነው። ልኩ ግን ሰፋ ይበል፤ ሹራቡን አጣብቆ ከጨፈለቀው አየሩ ይወጣና ሹራቡ ከንቱ ይሆናል። እጃችሁን ወደ ፊት ስትዘረጉ ጀርባው ከተወጠረ አንድ ቁጥር ከፍ በሉ።

ስለ መሃሉ ድርብ ብዙ የሚባል የለም። የሱፍ ሹራብ ወይም ፀጉራማ ፖሊስተር፣ በተለይ ከፊት ዚፕ ያለው፣ ይበቃል። በራስ በኩል የሚወጣ ሹራብ መንገድ ላይ ማውለቅ አስቸጋሪ ስለሆነ ሰው ሰንፎ ይተወዋል፣ ከዚያ ያልበዋል።

ጋቢስ? ጋቢ ጥጥ ነው፣ ግን አራት እጥፍ ስለሆነ በመካከሉ ብዙ አየር ይይዛል። በር ላይ የሚያድሩ የጥበቃ አባቶች በጋቢ ተጠቅልለው የሚያነጉት ስለማያልባቸው ነው። ለተቀመጠ ሰው የሚተካው የለም። ለዳገት አይሆንም።

ምልክት፦ ዝናብ ሳይዘንብ ጃኬቴ ከውስጥ ረጠበ

ጃኬቱ አላፈሰሰም፣ ውሃው የናንተው ነው። ከገላችሁ የሚወጣው እንፋሎት ቀዝቃዛውን ላስቲክ ሲነካ ወደ ጠብታ ይለወጣል። ውስጡ የላስቲክ ሽፋን ያለው የዝናብ ልብስ ንፋስን አጥብቆ ስለሚያቆም ለበጋ ጠዋትም ጥሩ ይመስላል፤ እንፋሎቱንም ግን እኩል ያቆማል። የዝናብ ልብሱን ለክረምት አስቀምጡት። ሌላ ከሌላችሁ ከታች በኩል ሳትቆልፉ፣ አንገቱን ከፍታችሁ፣ እጅጌውን ወደ ላይ ሰብስባችሁ ልበሱት። በዚያ ላይ ሹራቡን ተዉት፤ በላስቲክ ስር ወፍራም ሹራብ ከምድጃ አይተናነስም።

ምልክት፦ ደረቴ ሞቆ እጄና ጆሮዬ ይቀዘቅዛሉ

ደረት ላይ ሌላ ድርብ አትጨምሩ፣ ያልባችኋል። ስስ ኮፍያና ስስ ጓንት ጃኬት ኪስ ውስጥ ይኑሩ። የመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ላይ ይለበሳሉ፣ ገላ ሲሞቅ ይወልቃሉ። ኮፍያ ማውለቅ ሹራብ ከማውለቅ ስለሚቀል ሙቀታችሁን በሱ አስተካክሉ፣ መቆምም አያስፈልግም። እግር ብዙ አያስቸግርም፤ ስለሚንቀሳቀስ ራሱን ያሞቃል። በጣም የሚበርደው ሰው ከሱሪ ስር ታይት ይልበስ።

ምልክት፦ ማሊያው ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ይሸታል

ይሄ እውነት ነው፣ የፖሊስተር ጉድለቱ ነው። ጨርቁ ላቡን ባይጠጣም ከላቡ የሚመጣው ቅባት ይጣበቅበታል፣ ሽታውም ከዚያ ነው። ሽቶ መንፋት ያባብሰዋል። ማታ እንደገባችሁ ገልብጣችሁ፣ ውስጡን ወደ ውጭ አድርጋችሁ፣ በሳሙና እሹት። የጨርቅ ማለስለሻ አትጨምሩበት፣ ጨርቁን ይሸፍነውና ላብ ማንሳቱን ያቆማል። በፎጣ ጠቅልላችሁ ጨምቃችሁ ቤት ውስጥ ብትሰቅሉት በበጋ አየር እስከ ጠዋት ይደርቃል። ሽታው ከታጠበም በኋላ ካልለቀቀ በውሃ በተበጠበጠ ኮምጣጤ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፉትና እንደገና እጠቡት።