ለአንድ ሰው 50 ሺህ፣ ለሦስት ሲሆን በነፍስ ወከፍ 56 ሺህ፦ የአውሮፕላን ቲኬት ዋጋ ለምን ይቀያየራል?

ደሴ ላይ ቲኬት ቢሮ ገብቶ ዋጋ የጠየቀ ሰው "እስኪ ቤት ተማክሬ ልምጣ" ብሎ ይወጣል። ከሰዓት ሲመለስ ዋጋው ጨምሯል። "ክላሱ አልቋል" ይሉታል። ብዙዎቻችን ይህን የምንሰማው እንደ ሽወዳ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ቲኬት ቆራጩ እውነቱን ነው።

አየር መንገድ የአንድ በረራን የኢኮኖሚ ወንበሮች በአንድ ዋጋ አይሸጥም። ወንበሩም ምግቡም ያው ነው። ዋጋው ግን በእንግሊዝኛ ፊደል በተሰየሙ መደቦች ተከፋፍሏል፤ "ክላስ" የሚባለው ይሄ ነው። በየክላሱ በዚያ ሰዓት ስንት ወንበር እንዳለ ቆራጩ ስክሪኑ ላይ ያያል፦

```
Y9 M9 Q4 V2 L0
```

L ተዘግቷል። V ላይ 2 ወንበር አለ፤ Q ላይ 4። 9 ማለት ደግሞ "9 ወይም ከዚያ በላይ" ነው። Y አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ ዋጋ ሲሆን የሌሎቹ ፊደሎች ቅደም ተከተል እንደየአየር መንገዱ ይለያያል።

አሁን አባት፣ እናትና ለአቅመ አዳም የደረሰ ልጃቸው ከኮምቦልቻ በአዲስ አበባ አድርገው ጅዳ ለዑምራ ይሄዳሉ እንበል። V 50,000 ብር፣ Q 56,000 ብር ይሁን (ለሂሳብ እንዲመች ያወጣሁት ቁጥር ነው)። ልጁ ለአንድ ሰው ሲፈልግ 50,000 ያያል። ለሦስት ሲፈልግ በነፍስ ወከፍ 56,000 ይመጣበታል። በመሃል የተገዛ ቲኬት የለም። ሲስተሙ ሦስቱንም አንድ ክላስ ውስጥ ማስገባት ስለሚፈልግና V ላይ 2 ወንበር ብቻ ስላለ፣ ሁሉንም ወደ Q ያወጣቸዋል።

እንዲህ አድርጉ።

1. በአየር መንገዱ በራሱ ድረ ገጽ፣ ለአንድ ሰው ብቻ ፈልጉ። የኮምቦልቻ ኤርፖርት ኮድ DSE ነው። የአንዱን ሰው ዋጋ ጻፉ።

2. ቀኑንም በረራውንም ሳትቀይሩ ለሁለት፣ ከዚያ ለሦስት ሰው ፈልጉ። የነፍስ ወከፉ ዋጋ የዘለለበት ቦታ ርካሹ ክላስ ያለቀበት ነው።

3. ዋጋው ከዘለለ ቲኬቱን ለሁለት ከፋፍላችሁ ግዙ። ሁለቱን በ50,000፣ አንዱን በ56,000፤ ድምሩ 156,000 ይሆናል። አንድ ላይ ቢገዙ 168,000 ነበር። ርካሾቹን አስቀድሙ።

4. ከመክፈላችሁ በፊት የክላሱን ደንብ አንብቡ፦ ሻንጣ፣ የቀን ለውጥ፣ ተመላሽ። ቀን ማስቀየሪያው ውድ ከሆነ 12,000 ብሩ ባንድ ለውጥ ሊበላ ይችላል።

ለሁለት መከፋፈሉ ጣጣም አለው። የቡኪንግ ቁጥሩ ሁለት ስለሚሆን በረራ ሲሰረዝ ሲስተሙ ሁለቱን እንደማይተዋወቁ ሰዎች ነው የሚያያቸው። አንዱን ዛሬ፣ ሌላውን ነገ ሊመድብ ይችላል። ስለዚህ ለአየር መንገዱ ደውላችሁ ሁለቱ ቡኪንግ አብሮ መሆኑን አስመዝግቡ። ትንሽ ልጅ ካለ ግን ለብቻው አትነጥሉት፤ ከአንድ አዋቂ ጋር ይቆረጥ።

የሚገርመው፣ ያለቀ ክላስ ተመልሶ የሚከፈትበት ጊዜም አለ። ቡክ ተደርጎ ያልተከፈለበት ወንበር የክፍያ ገደቡ ሲያልፍ ይሰረዝና ይመለሳል። አየር መንገዱም በረራው ቀስ ብሎ ከሞላ ርካሹን ሊከፍት፣ ቶሎ ከሞላ ሊዘጋ ይችላል። ጠዋት ጨምሮ ማታ የቀነሰ ዋጋ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይሄ ነው። "ስልኬ ደጋግሜ ማየቴን አውቆ ጨመረብኝ" የሚሉ አሉ፤ የስልኩን ታሪክ ማጥፋት ግን የተዘጋ ክላስ አይከፍትም።

ዋጋ የሚያወዳድሩ ድረ ገጾች ላይ ያለው ችግር ሌላ ነው። እነሱ ቀደም ሲል የተገኘ ዋጋ አስቀምጠው ሊያሳዩ ይችላሉ። "ክፈል" ስትሉ ነው ክላሱ እንደገና የሚጣራው። ለመለየት በዚያው ደቂቃ አየር መንገዱ ጋ እዩ። እዚያም ከፍ ካለ ርካሹ ቀድሞ አልቋል ማለት ነው።

ከወሎ ለሚነሳ ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። በአንድ ቲኬት ሲቆረጥ ርካሹ ክላስ በሁለቱም በረራ ክፍት መሆን ሊኖርበት ይችላል፤ የኮምቦልቻው አነስተኛ አውሮፕላን ደግሞ ቶሎ ይሞላል። ከአዲስ አበባ ጅዳ ብቻውን ፈልጉ። እሱ በጣም ከረከሰ ያስወደደው አጭሩ በረራ ሊሆን ይችላል። ያኔ መጀመሪያ የኮምቦልቻውን ሰዓት ወይም ቀን ቀይሩ። የአገር ውስጡን ለብቻ መቁረጥ ግን አደጋ አለው፦ ከኮምቦልቻ የሚነሳው ዘግይቶ የጅዳው ቢያመልጣችሁ ኪሳራው የእናንተ ነው። በአውቶቡስ የሚወርድ ሰውም ቢያንስ አንድ ሌሊት አስቀድሞ አዲስ አበባ ይደር።