«የዓድዋ መንስኤ አንቀጽ 17 ነው» ብቻ ብለው ሲያቆሙ

የ9ኛ ክፍል ተማሪዎቼን የዓድዋን ጦርነት መንስኤ ስጠይቃቸው ሁሉም አንድ መልስ ነበራቸው፦ አንቀጽ 17። የውጫሌን ውል ሁለት ቅጂ አንብበዋል፣ ልዩነቱንም አይተዋል። ግን እዚያው ቆሙ።

ችግሩ ልጆቹ ጋር አልነበረም። እኔ ነኝ አንድ ምንጭ ብቻ ሰጥቼ ምክንያት ፈልጉ ያልኳቸው። አንድ ወረቀት የያዘ ልጅ አንድ ምክንያት ነው የሚያገኘው።

አሁን እንዲህ ነው የማደርገው። መጀመሪያ 15 ደቂቃ አንቀጹ ላይ እንቆያለን። አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል፤ ጣልያንኛው ደግሞ «ተስማምተዋል» የሚል ቃል ነው የያዘው፣ ሮም ይህንን እንደ ግዴታ ቆጥራ በ1882 ጥቅምት ላይ ለሌሎቹ መንግሥታት ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት ብላ አሳወቀች። ልጆቹ ሁለቱን ቃላት ያሰምሩባቸዋል። ከዚያ ማን ጻፈው፣ ለማን፣ ማን ይጠቀማል ብለው ይጽፋሉ።

ቀጥሎ አራት ካርድ አድላለሁ፦ ጣልያን ምጽዋን መያዙ (1877)፣ የዶጋሊ ውጊያ (1879)፣ የውጫሌ ውል (1881)፣ ምኒልክ ውሉን ማፍረሳቸው (1885)። በቅደም ተከተል ይደርድሩ። አንድ ጥያቄ ብቻ እጠይቃለሁ፦ ትርጉሙ ትክክል ቢሆን ኖሮ ጣልያን ይመለስ ነበር? እዚህ ላይ ክፍሉ ጸጥ ይላል፤ ከዚያ አንዱ ቀና ብሎ «ምጽዋን የያዙት እኮ ከውሉ በፊት ነው» ይላል። ይኼ ነው የምጠብቀው። አንቀጹ ጠቡን አፋጠነ እንጂ ጣልያንን አላመጣም፤ ስለዚህ የቆየውን ምክንያት ከቅርቡ ለይተው በሁለት ዓምድ ይጽፋሉ።

ካርዶቹ ከተዘበራረቁ መንስኤው ብዙ ጊዜ የዘመን አቆጣጠር ነው። አንዱ ምንጭ ዓድዋን 1888፣ ሌላው 1896 ይላል። ካርዱ ላይ ሁለቱንም ጻፉላቸው።

ውጤት ላይ ደግሞ ሌላ ችግር አለ፦ «ጥቁር ሕዝብን አኮራ» ብለው ይጨርሳሉ። እውነት ነው፣ ግን ከምንጭ አላወጡትም። መፍትሄው የአዲስ አበባን ውል (ጥቅምት 1889) ከውጫሌ ጎን አስቀምጦ ምን ተቀየረ፣ ምን አልተቀየረም ማለት ነው። ውጫሌ ተሽሯል፣ የኢትዮጵያ ሙሉ ነፃነት ታውቋል። ኤርትራ ግን ከጣልያን እጅ አልወጣችም። ብዙ ልጆች እዚህ ላይ ይደነግጣሉ፣ «ካሸነፍን ለምን?» ይላሉ፣ እኔም መልሱን አልሰጥም፤ ለቤት ሥራ ጥያቄውን ራሳቸው በጻፉት ቃል ይዘውት እንዲሄዱ አደርጋለሁ።

ትምህርቱ እንደገባቸው የማውቀው በመውጫው ወረቀት ነው። አንድ መንስኤ፣ አንድ ውጤት፣ ለእያንዳንዱም ያረጋገጡበት ምንጭ። ምንጩ ቦታ ላይ «መምህሩ» ብሎ የጻፈ ካለ፣ በማግሥቱ ካርዶቹን ይዞ እንደገና ይደረድራል።