የማሽን ተራኪ «ትመታለች»ን ሲያበላሽብኝ ያስተካከልኩበት መንገድ
ስለ ገና ጨዋታ በሠራሁት ቪዲዮ ላይ ተራኪው የማሽን ድምፅ ነው። «ኳሷ በዱላ ትመታለች» የሚለውን ሳያጠብቅ አነበበው። ኳሷ ራሷ ዱላ ይዛ ሰው የምትመታ መሰለች! ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን ስለማያሳይ ማሽኑ ይገምታል። «ኳሷ በዱላ ተመታች» ብዬ ስጽፈው ሌላ ንባብ ስለሌለው ተስተካከለ።

የቀረው ዜማው ነበር። የሁሉም ዓረፍተ ነገር መጨረሻ እኩል ይወርዳል፤ ይሄ ጆሮ ያደክማል። እያንዳንዱን ለየብቻ አስነበብኩና በመሀል የሜዳውን ጫጫታ ለአፍታ ብቻውን ተውኩት።

ከመልቀቄ በፊት ምስሉን አጥፍቼ እሰማለሁ። ሐሳቡን ለመያዝ ወደ ኋላ ከመለስኩ አልለቀውም ማለት ነው፤ እንደገና ይሠራል። የሐዘን ታሪክ ከሆነ ግን ድምፁ የቱንም ያህል ቢያምር ሰው ነው የማስነብበው።